መሃሉን ጽፎ ዳርና ዳሩን መተው

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ ለተሰበሰብን የቋንቋ መምህራን የተናገርኩት ነው። ያልመጡት «ጻፍልን» ስላሉኝ ማስታወሻዬን ዘርግቼ ጻፍኩት። መሃል ላይ የተነሱትን ጥያቄዎችም እዚያው በቦታቸው አስገብቻቸዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ዝናቡ ሳይጥለን ብንጨርስ ደስ ይለኛል፤ እኔም የሽሮ ሜዳ ታክሲ መያዝ አለብኝ።

የማወራችሁ የተማሪን ድርሰት ስለምንመዝንበት የመስፈርት ወረቀት፣ ስለ ሩብሪክ ነው። ከስሙ ልጀምር፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ያጣላን ስሙ ነው። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ስታመጡት «ባለ አንድ ነጥብ ሩብሪክ» ይሆናል። እኔም እንዲያ ብዬ ለዲፓርትመንታችን አቀረብኩት። አንዱ ባልደረባዬ ቀና አለና «ድርሰቱ ከአንድ ነው የሚታረመው?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ ጋ ነጥብ ማለት ማርክ ነው። ሌላ ትርጉም እንዳለው የምናስታውሰው አራት ነጥብ ስናስተምር ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ አሁን «ባለ አንድ ደረጃ ሩብሪክ» ነው የምለው። የተሻለ ስም ያለው ካለ እቀበላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወረቀት ሦስት ቦታ ይከፈላል። መሃል ላይ፣ አንድ ተማሪ ይህን ሥራ «በቃ፣ ችሎታል» እንዲባል ምን መታየት እንዳለበት ይጻፋል። የሚጻፈው እሱ ብቻ ነው። ግራው ባዶ ነው። ቀኙም ባዶ ነው። ተማሪው መሃሉ ላይ ካልደረሰ ምን እንደቀረው ግራው ላይ በእጅ ይጻፍለታል፣ መሃሉን አልፎ ከሄደ ደግሞ በምን እንዳለፈ ቀኙ ላይ። ሌላ ምንም የለውም።

እኔ የፈጠርኩት አይደለም። አሜሪካዊቷ ጃሪን ፍሉኪገር በ2010 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ሩብሪክ የጻፈችው ተማሪው ራሱን እንዲመዝንበት ብላ ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። ከዚያ ጄኒፈር ጎንዛሌዝ የምትባል የቀድሞ መምህርት በሰፊው አስተዋወቀችው። እኔ የማወራችሁ ግን እዚሁ እኛ ሰፈር፣ 54 ተማሪ ባለበት ዘጠነኛ ክፍል፣ አማርኛ ድርሰት ላይ ስሞክረው ምን እንደገጠመኝ ነው።

ድሮ የምጠቀምበትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አራት መስፈርት፣ አራት ደረጃ። እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ደካማ። አራት በአራት 16 ሣጥን። አሥራ ስድስቱንም ስሞላ አንድ ሌሊት አመሸሁ። ጠዋት ሳነበው ምን እንደጻፍኩ ገባኝ። የመጀመሪያው ሣጥን «አቋሙን በጣም ግልጽ አድርጓል» ይላል። ሁለተኛው «ግልጽ አድርጓል»። ሦስተኛው «በመጠኑ ግልጽ አድርጓል»። አራተኛው «ግልጽ አላደረገም»። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሦስት ጊዜ ቅመም ቀይሬበታለሁ ማለት ነው። ተማሪዎቹ ሲደርሳቸው አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ በመጠኑ ስንት ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ መልስ ስላልነበረኝ።

ሌላም ነገር አለ። ከ16ቱ ሣጥን ግማሹ ደካማ ሥራ ምን እንደሚመስል ነው የሚተርከው። ልጁ ከነዚህ አንዷ ተከብባ ይደርሰዋል፤ የተከበበችውን ብቻ አንብቦ ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። የወደቀበት ምክንያት እሱ ጽሑፉን ከመጻፉ በፊት ታትሞ ጠብቆታል። ስለሱ የተጻፈ ነገር የለም።

እሺ፣ ወደ መሃሉ እንምጣ። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ግራና ቀኙ ባዶ ስለሆነ ሰው ቀላል ይመስለዋል። አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የምትጽፉት፣ ግን አራቱ የሳቱ እንደሆነ ቀሪው ሁሉ ይስታል።

የሰጠሁት ርዕስ «ትምህርት ቤታችን በር ላይ ሳምቡሳና ቺፕስ የሚሸጡ ሰዎች ይከልከሉ ወይስ አይከልከሉ?» የሚል ነበር። አከራካሪ ድርሰት ነው። መጀመሪያ መሃል ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያው ረድፍ «አቋሙ ጥርት ያለና አሳማኝ ነው» ይል ነበር። ደስ ይላል አይደል? ምንም አይሠራም። አሳማኝ ለማን? እኔ ድሮውንም ሳምቡሳ ወዳድ ነኝ፣ አይከልከሉ ያለ ሁሉ ያሳምነኛል።

እንደገና ጻፍኩት። አሁን ያለው እንዲህ ነው፤ አራቱንም ላንብብላችሁ። አንደኛ፣ «የጸሐፊው አቋም በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል።» ሁለተኛ፣ «ቢያንስ ሁለት ምክንያት አለ፤ እያንዳንዱ ጸሐፊው ባየው፣ በሰማው ወይም በቆጠረው አንድ ነገር ተደግፏል።» ሦስተኛ፣ «የተቃራኒው ወገን ሐሳብ ከነምክንያቱ ቀርቦ መልስ ተሰጥቶታል።» አራተኛ፣ «እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዟል።»

እያንዳንዷን የምፈትናት በጣቴ ነው። የተማሪውን ወረቀት ይዤ «የታለ?» ስል ጣቴን የማሳርፍበት ቦታ ካለ ዓረፍተ ነገሯ ትሠራለች። «አቋሙ የታለ?» ይኸው፣ ሦስተኛው መስመር ላይ። «አሳማኝነቱስ የታለ?» ጣቴ አየር ላይ ይቀራል። ጣት የማያርፍበትን መስፈርት ከጻፋችሁ ግራው ላይ የምትጽፉት አስተያየትም አየር ላይ ነው የሚቀረው። «አሳማኝ አይደለም» ትሉታላችሁ፣ ልጁ ምን ያድርግ?

አራተኛዋ ረድፍ ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። መጀመሪያ አንቀጽም፣ ሥርዓተ ነጥብም፣ ፊደልም፣ የእጅ ጽሑፍም አንድ ላይ አጭቄባት ነበር። ገንዳ ሆነች። የጠላሁትን ሁሉ እዚያ እጥል ጀመር፤ የሁሉም ልጅ ግራ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሞላ። አንቀጹን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን አወጣሁት። «ሐሳብ» በየትኛው ሀ ይጻፍ የሚለውን በዚህ ድርሰት አላርምም ስል አንድ አንጋፋ መምህራችን ለሁለት ቀን አኮረፉኝ። ጋሼ፣ እዚህ እንዳሉ አይቻለሁ፣ በሻይ ሰዓት እንጨርሰዋለን።

ወረቀቱን ሳዘጋጅም ተሳስቻለሁ። መሃሉ የታተመ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ግራና ቀኙን እንደ ሪባን አቀጠንኳቸው። ማረም ስጀምር ሦስት ቃል አይበቃም። አሁን ኤ ፎሩን አግድም አድርጌ ሦስቱን እኩል እከፍለዋለሁ፤ አንዳንዴ ወረቀት ለመቆጠብ በአንድ ኤ ፎር ሁለት አትሜ በመቀስ እቆርጠዋለሁ፣ ያኔ ግን አስተያየቱ አጭር መሆን አለበት።

አሁን አንድ ወረቀት እንይ። የአንዲት ልጅ ነው፤ ስሟን አልናገርም፣ አስፈቅጃታለሁ። አቋሟ አይከልከሉ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «ሻጮቹ መከልከል የለባቸውም ብዬ አምናለሁ» ብላለች። ጣቴ አረፈ። መሃሉ ላይ ምልክት አደረግኩ፣ ግራውንም ቀኙንም አልነካሁም።

ይቺን ምልክት እንዳትዘሏት። መጀመሪያ ሰሞን ተማሪው መሃሉን ካሟላ ምንም ሳልጽፍ አልፍ ነበር። በሐሳቤ ባዶ ማለት «ደህና ነው» ነበር። አንዱ መጥቶ «ቲቸር የኔን አላነበብከውም» አለኝ። ወረቀቱ ባዶ ነዋ! ልጁ ምን አጠፋ። አሁን ካሟላ መሃሉ ላይ ራይት አደርጋለሁ፣ ያሟላበትን ቃልም ከሥር አሰምርበታለሁ።

ሁለተኛ ረድፍ። ምክንያቷ «ብዙ ተማሪ ቁርስ ሳይበላ ነው የሚመጣው፣ በእረፍት ሰዓት የሚበላው ከበር ላይ ነው» የሚል ነው። ማስረጃዋን ስሙ። «ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት በር ላይ ቆሜ ቆጠርኩ። ከክፍላችን 23 ልጅ ገዛ። ረቡዕ ደግሞ 11 ልጅ ገዛ።» ሌላው ምክንያቷ ስለ አንዲት ሳምቡሳ ሻጭ ነው። አነጋግራቸዋለች፤ ሁለት ልጅ የሚያሳድጉት በዚችው ነው። እኔ የጠየቅኩት አንድ የታየ ወይም የተቆጠረ ነገር ነበር። እሷ ሁለት ቀን ቆማ ቆጥራለች። ስለዚህ ቀኙ ላይ «አንድ ቀን ቆጥረሽ ማቆም ትችይ ነበር። ሁለት ቀን መቁጠርሽ ከተጠየቀው በላይ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ቀኙ ላይ «ጎበዝ» አይጻፍም። ጎበዝ ማለት ለልጁ ደስ ይላል፣ ግን በሚቀጥለው ድርሰት ምን እንደሚደግም አይነግረውም። የበለጠበትን ነገር ስሙን ጠርታችሁ ጻፉለት። ደግሞ ርዝመት ብልጫ አይደለም። አንዱ ተማሪዬ አምስት ገጽ ጽፎ ቀኙ ባዶ ሲመጣበት ሊያለቅስ ደረሰ፤ አምስቱም ገጽ ግን ያንኑ አንድ ምክንያት ነበር የሚያዞረው።

ሦስተኛ ረድፍ። ልጅቷ እንዲህ ብላለች፦ «አንዳንድ ሰዎች ይከልከሉ ይላሉ። ነገር ግን ይህ ትክክል አይደለም።» አለቀ። መስፈርቱ «ከነምክንያቱ» ይላል፤ እዚህ ምክንያት የለም። ግራው ላይ የምጽፈው ይኸው መጣ።

በመጀመሪያው ዙር ቢሆን «ተቃራኒው ሐሳብ ደካማ ነው» ብዬ እጽፍ ነበር። አሁን ሕግ አለኝ፤ ግራው ላይ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ቦታና ሥራ ሊኖረው ይገባል። የቱ ጋ እንደሆነና ምን እንደምታደርግ ማለት ነው። የጻፍኩላት ይኸ ነው፦ «3ኛ አንቀጽ፣ 1ኛ መስመር። ይከልከሉ የሚሉት ለምን እንደሆነ አልነገርሽንም። አንዱን ምክንያታቸውን እነሱ ራሳቸው በሚናገሩት መልክ ጻፊና ከዚያ መልሽላቸው።» ልጅቷ ይህን ይዛ ቤቷ ሄዳ፣ እኔን ተመልሳ ሳትጠይቅ መጻፍ ከቻለች አስተያየቱ ሠርቷል። «ምን ማለትህ ነው ቲቸር?» ብላ ከመጣች ጥፋቱ የኔ ነው።

አራተኛው ረድፍ ደህና ነበር። ራይት።

እዚህ ጋ አንዲት መምህርት እጃቸውን አወጡና «ይሄን ለ54 ልጅ? መቼ ልትተኛ ነው?» አሉኝ። ልክ ናቸው። መጀመሪያ ሳርም አንድ ወረቀት ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ይፈጅብኝ ነበር። 54 ሲባዛ በዘጠኝ 486 ደቂቃ ነው፣ ስምንት ሰዓት ያልፋል። በዚህ ከቀጠለ ማንም አይቀጥልበትም፣ እኔም አልቀጥልም ነበር። አሁን አራት ደቂቃ ነው፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ከምናምን። የቀነሰው እጄ ፈጥኖ አይደለም። የቀነሰው ከመጻፌ በፊት ስለምቆጥር ነው።

እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ወረቀቶቹን ሁሉ በፍጥነት አያለሁ፤ አስተያየት አልጽፍም። በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ አራቱን ረድፍ አስምሬ፣ ግራ የሚሆንበትን በየረድፉ ጭረት እጭራለሁ። ያን ጊዜ አንደኛው ረድፍ ላይ ስድስት ጭረት መጣ። ሁለተኛው ላይ 19። ሦስተኛው ላይ፣ ስሙልኝ፣ 41። ከ54 ልጅ 41ዱ ተቃራኒውን ሐሳብ ከነምክንያቱ አላቀረበም።

እንግዲህ 41 ጊዜ ያንኑ አስተያየት መጻፍ እችላለሁ። ግን 41 ልጅ አንድ ቦታ ላይ ከወደቀ የወደቀው ልጁ ነው ወይስ ትምህርቱ? ተቃራኒ ሐሳብ አቅርቡ ብያቸው ነበር እንጂ እንዴት እንደሚቀርብ አላሳየኋቸውም። ስለዚህ ሦስተኛው ረድፍ ግራ ላይ ለአብዛኛው ልጅ አንዲት ኮከብ ብቻ አድርጌ ሐሙስ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሱን አስተማርኩ። ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ እያንዳንዱ ወገን መጀመሪያ የሌላውን ምክንያት እንዲናገር አደረግኩ፤ ያኛው ወገን «አዎ፣ እንደዚያ ነው የምንለው» ሳይል መልስ መስጠት አይፈቀድም። ጫጫታው ቢሮ ድረስ ተሰምቷል። አስተያየት በጽሑፍ የሚገባው አንድ ልጅ ብቻውን ለሳተው ነገር ነው። ክፍሉ በሙሉ የሳተው በጠመኔ ነው የሚመለሰው።

ጭረቱ ሌላም ይነግራችኋል። አንድ ረድፍ ላይ የሁሉም ግራ ከሞላና በጥንቃቄ አስተምራችሁት ከነበረ፣ መሃሉን ከፍ አድርጋችሁ ሰቅላችሁታል። እኔ በመጀመሪያው ዙር ሕልሜን ነበር መሃል ላይ የጻፍኩት፤ እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የማልጽፈውን። ከ54 ወረቀት ቀኙ የተጻፈበት ሁለት ብቻ ነበር። ልጆቹ ደካማ ናቸው ብዬ ተናድጄ ተኛሁ። ደካማው ዓረፍተ ነገሬ ነበር። በተቃራኒው የማንም ግራ ካልተነካ መሃሉ ወርዷል፣ ልጆቹ ካሉበት ታች ነው ያለው።

ስለ ግራና ቀኝ አንድ ቀልድ ልንገራችሁ። ልጆቹ ወረቀቱን በተቀበሉ በሳምንቱ የራሳቸው ቋንቋ ፈጠሩ። «ግራ ገባኝ» ማለት ግራው ላይ ብዙ ተጻፈብኝ ማለት ሆነ። ወረቀት ሳድል ደግሞ ከኋላ በኩል «ቲቸር፣ ቀኝ ያውልህ» ይሉኛል። አልተቆጣሁም።

ወደ ማርኩ እንምጣ፣ ሁላችሁም እሱን ነው የምትጠብቁት። ሩብሪኩ ማርክ የለውም። ትምህርት ቤቱ ግን ለተከታታይ ምዘና ከአሥር አምጣ ይላል። ምን ይደረግ?

ከማርኩ በፊት አንድ ነገር። በ1988 እ.ኤ.አ. ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ እስራኤል ውስጥ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ለሦስት ከፈለች። ላንዱ ማርክ ብቻ፣ ላንዱ አስተያየት ብቻ፣ ላንዱ ሁለቱንም ሰጠች። በሥራቸው የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት እንደ ማርክ ብቻዎቹ ነው የሆኑት። እኛም ክፍል ውስጥ የምናየው ነው፤ ልጁ 6 የሚለውን ካየ በኋላ አጠገቡ የተጻፈውን አያነብም፣ የጓደኛውን ማርክ ነው የሚያየው።

ስለዚህ እኔ ወረቀቱን መጀመሪያ ያለ ማርክ እመልሳለሁ። ሳምንት ሰጥቼ አስተካክለው ይጽፋሉ። ማርኩ ከዚያ ይመጣል። አከፋፈሌ ይኸ ነው፦ አራት ረድፍ፣ እያንዳንዱ ሁለት። ካሟላ ሁለት፣ ከሞከረና ግራ ከቀረ አንድ፣ ጭራሽ ከሌለ ዜሮ። ድምሩ ስምንት ይሆናል። ቀሪው ሁለት ግራው ላይ የተጻፈለትን በሁለተኛው ረቂቅ ላስተካከለ ነው። ግራው ባዶ የሆነ ልጅ አንድ ረድፍ መርጦ ያጠናክራል፣ እሱም ሁለቱን ያገኛል። ያቺ ልጅ በመጀመሪያው 7 ነበረች፤ ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ስለጎደላት። አስተካክላ ስታመጣ 9 ሆነች።

«ቀኙስ?» አሉኝ ጋሼ ከወደፊት። «ቀኙ ማርክ ከሌለው ልጁ ስለ ምን ይደክማል?»

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አንዳንዱ አይደክምም። መሃሉን አይቶ እሱን ብቻ ሠርቶ ያስረክባል። ግን ቀኙ ላይ ማርክ ባስቀምጥ፣ ብልጫ ምን እንደሆነ አስቀድሜ መጻፍ አለብኝ፤ ከጻፍኩት ደግሞ ወደ 16ቱ ሣጥን ተመለስኩ ማለት ነው። ደግሞ ብጽፈው «ሁለት ቀን ቆማችሁ ቁጠሩ» ብዬ አልጽፍም ነበር። ያንን እኔ አላሰብኩትም። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተስማምተው ይሁን ተሸንፈው አላወቅኩም።

የማይሆንበትንም ልናገር። ድርሰቱን ሦስት መምህራን ተከፋፍለን ስናርም ችግር አለበት። ሩብሪኩ መሃሉን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ልጁ ከመሃሉ ምን ያህል ወደ ግራ እንደራቀ አይናገርም። «ሞክሯል» የሚለውን እኔ አንድ ስሰጠው ጎረቤቴ ዜሮ ሰጠችው፣ ወረቀቱ ያው ነው። አሁን መጀመሪያ ሦስት ወረቀት አብረን ቁጭ ብለን እናርማለን፣ ከዚያ ነው የምንከፋፈለው። ልጅን ከልጅ በደረጃ ለይቶ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ፈተና ግን፣ ብዙ አራሚም ካለበት፣ ይህን አልጠቀምበትም። ለዚያ የድሮው ባለ ብዙ ሣጥን ይሻላል፣ ቅመሙን ቀንሶ ከተጻፈ።

አሁን የፍሉኪገርን ነገር ልመለስበት። መጀመሪያ ይህን ወረቀት የአራሚ ወረቀት አድርጌ ነበር የያዝኩት፣ ማለትም የኔ። በሁለተኛው ረቂቅ ላይ ቀየርኩት። ከማስረከባቸው በፊት ራሳቸው ግራና ቀኙን በእርሳስ ይሙሉ፣ እኔ ከዚያ በእስክርቢቶ እጨምራለሁ አልኩ። አብዛኛው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ቀኙን በሙሉ «ጥሩ ነው» «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ሞላው። መለስኩላቸው። ያው የጣቱን ሕግ ነገርኳቸው፤ ጣት የማያርፍበትን አትጻፉ። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ተሻለ፣ በጣም አይደለም።

የዚያች ልጅ ሁለተኛ ረቂቅ ግን እዚህ አለ፣ ይዤው መጥቻለሁ። ሦስተኛው አንቀጽ አሁን እንዲህ ይላል፦ «ይከልከሉ የሚሉት አቧራ ላይ የተቀመጠ ምግብ ሆድ ያሳምማል ብለው ነው። ይህ እውነት ነው። ባለፈው ወር እኔንም አሞኛል። ነገር ግን ሻጮቹን ከማባረር ይልቅ ክዳን ያለው ሣጥን እንዲይዙ ማስገደድ ይቻላል።» ራይት አድርጌ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ወጣሁ፣ እኔ ቀኙ ላይ ወዳሞገስኳት ወደ ቆጠራው። እሷ ደግሞ ግራው ላይ፣ በእርሳስ፣ ትንንሽ አድርጋ ጽፋለች፦ «ረቡዕ የጾም ቀን ነው። ቁጥሩ ያነሰው ለዚያ ሊሆን ይችላል። ሐሙስ ደግሜ እቆጥራለሁ።»

ወረቀቷን ያረምኩትም ረቡዕ ቀን ነበር፤ እኔም ጾሜ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ ነው 23 እና 11 የሚለውን አንብቤ ቀኙ ላይ ያሞገስኳት።